ደረሰኙና ቃለ መጠይቁ አልገናኝ አሉኝ፦ የደንበኛ ፐርሶና

የትምህርት ቁሳቁስ ለምትሸጥ አነስተኛ ሱቅ የደንበኛ ፐርሶና፣ ማለትም እያንዳንዱን የገዢ ዓይነት የሚወክል መግለጫ፣ እየሠራሁ ነው። ዓላማው ለነሐሴ ምን ዓይነት ዕቃ፣ ለማን እንደሚገባ መወሰን ነው። በእጄ ያለው ኤክሴል ላይ የተመዘገበ የአንድ ዓመት ደረሰኝና የ14 ደንበኞች ቃለ መጠይቅ ነው።

ደረሰኙን በወርና በዕቃ ብዛት ስለየው ሦስት ክምር ወጣ፦ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ደብተር በደርዘን ከነቦርሳው የሚገዛ፣ ዓመቱን ሙሉ እስክሪብቶ ወይም ላጲስ ብቻ የሚወስድ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓይነት ደብተር በብዛት የሚጭን (የሰፈር ባለሱቅ ይመስለኛል)።

ቃለ መጠይቁ ግን ሌላ ይላል። ከ14ቱ 11ዱ ወላጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ «ጥራት እመርጣለሁ» አሉ። በመጀመሪያው ክምር ደግሞ በብዛት የተሸጠው ርካሹ ባለ 50 ሉህ ደብተር ነው። ስህተቱ ከጥያቄዬ ነበር፤ «ምን ትመርጣላችሁ?» ሲባል ሰው ጥሩውን ነው የሚናገረው። «ባለፈው መስከረም ምን ገዛችሁ? ማን አብሮ ነበር?» ብዬ ስመለስ፣ አንዲት እናት ለሒሳብ አንድ ወፍራም ደብተር፣ ለሌላው ትምህርት ሁሉ ርካሹን እንደገዙ ነገሩኝ። ይህ ከደረሰኙ ጋር ይሄዳል።

ይህን በሌሎቹም ለማረጋገጥ ደረሰኛቸውን በቀንና በጠቅላላ ዋጋ ፈለግኩ፤ የተገኘው የሦስቱ ብቻ ነው። ደረሰኙ ላይ ስምም ስልክም የለም፤ ቀኑንም ብዙዎቹ አያስታውሱትም።

ስም የሌለውን ደረሰኝ ከተጠያቂዎቹ ጋር በምን ምልክት ባገናኘው ይሻላል?