የማስረጃዎቼ ቀን አልገጥም አለኝ

እንደምን ዋላችሁ? የምጽፈው ከደሴ ነው። በአንድ የኦንላይን መገበያያ የስፌት መኪና ገዛሁ። ካርቶኑን ስከፍተው ጎኑ ተሰንጥቋል። ሻጩ ግን «አንቺው ጥለሽው ነው» ብሎ ዝም አለ። ለመገበያያው አቤት ልል ነው። የቀረኝ 3 ቀን ብቻ ነው።

ማስረጃውን በቀን ቅደም ተከተል ደብተር ላይ መደርደር ጀመርኩ። ቀኑ፣ የሆነው ነገር፣ የማስረጃው ቁጥር። እዚህ ላይ ነው የተጣበቅኩት። ዕቃውን ከመናኸሪያ የተረከብኩበት የእጅ ደረሰኝ «12/2/2018 ከቀኑ 9 ሰዓት» ይላል። የስንጥቁን ፎቶ ለሻጩ የላክሁበት የቴሌግራም መልእክት ደግሞ October 22, 15:40 ነው። እኛ እናውቀዋለን፤ ጥቅምት 12 ነው፣ ልዩነቱ 40 ደቂቃ ብቻ። የውጭ ሰው ካየው ግን መኪናው ከ8 ወር በፊት የደረሰኝ ያህል... እንዲያውም ዓመቱም አይገጥምለትም! ስለዚህ ሁሉንም በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት ጽፌ፣ ከጎኑ ደረሰኙ ላይ ያለውን እንዳለ ላስቀምጥ አሰብኩ። ያስኬዳል?

ሌላው የባሰ ነው። ስልኬ ሞልቶ ዋናውን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ (ሞኝነቴ!)። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ የተነሳበትን ቀን ያወልቀዋል። መልሼ ያወረድኩት የዛሬን ቀን ነው የሚያሳየው። የመልእክቱ ሰዓት የሚታይበት ስክሪንሾት ብቻውን ይበቃል? ወይስ ሻጩ ንግግራችንን ሳያጠፋው ኮምፒውተር ላይ በ Export chat history ላውጣው? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።