የጋራ ማስታወቂያ አካውንታችን እንዴት ይከፋፈል? ረቂቁን እዚህ እንጨርሰው

ጸሐፊው፣ ደብረ ብርሃን፦ ለእሑዱ ስብሰባ አንድ ሐሳብ ይዘን መግባት አለብን። አባላት 12 ነን። ለጎግል ማስታወቂያ ያዋጣነው በቀን 6 ዶላር ያህል ያስወጣል። እስካሁን የቀረበው ሐሳብ «ለእያንዳንዱ አባል አንድ ካምፔይን» የሚል ነው። የሚቃወም አለ?

አስጎብኚዋ፣ መሃል ሜዳ፦ እኔ አለሁ። በጀት የሚመደበው በካምፔይን ነው። 6 ዶላር ለ12 ሲካፈል ለአንዱ ግማሽ ዶላር ይደርሰዋል። እሱን ደግሞ አንድ ክሊክ ሊጨርሰው ይችላል። ካምፔይን መለየት ያለበት በጀቱ ወይም ማስታወቂያው የሚታይበት አገር ሲለይ ነው። ጓሳ ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ከውጭ ነው የሚፈልገን። ለቅዳሜና እሑድ አልጋ የሚይዘው ግን አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ናቸው። በርኖስ ሦስተኛ ይሁን።

ሸማኔው፣ ሞላሌ፦ ልክ ነሽ እታለም። አምና አንድ ልጅ ማስታወቂያ ሠርቶልኝ ነበር። የእኔን በርኖስና የወንድሜን አልጋ ቤት አንድ ላይ ከቶት። በርኖስ ብሎ የፈለገው ሰው የአልጋ ማስታወቂያ ይወጣለታል። ደውሎም «አዳሩ ስንት ነው?» ይለኛል። በመንዝ ብርድ በርኖስ ለብሶ መተኛትም ያለ ነው፣ ግን እኔ የምሸጠው ልብሱን ነው! ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካምፔይን እናድርግ።

አስጎብኚዋ፦ ችግሩን በደንብ አይተውታል ጋሼ፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። እሱን የሚፈታው በካምፔይኑ ውስጥ ያለው አድ ግሩፕ ነው። አንድ ሐሳብ ያላቸው ቃላት በአንድ አድ ግሩፕ ይገባሉ። ማስታወቂያውም ለእነሱ ብቻ ይጻፋል። እኔ የማስበው እንዲህ ነው፦

```
SRCH_Guassa_Intl
   Gelada_Trek
   Wolf_Watching
SRCH_Rooms_Addis
   Rooms_Ankober
   Rooms_DebreBerhan
SRCH_Bernos_Addis
   Bernos_Buy
```

መጀመሪያ የማስታወቂያው ዓይነት፣ ቀጥሎ ጉዳዩ፣ ከዚያ የሚታይበት ቦታ። ለጓሳው 3 ዶላር፣ ለአልጋው 2፣ ለበርኖሱ 1።

ማረፊያ ያላት፣ አንኮበር፦ ይቅርታ፣ ይሄ `SRCH` ምንድን ነው? እንግዳ አይቶ ምን ይለናል? «ውብ አንኮበር» ብንለውስ?

አስጎብኚዋ፦ `SRCH` የፍለጋ ማስታወቂያ ማለት ነው፣ እንግዳው ግን ይህን ስም አያየውም እህቴ። የሚያዩት ወደ አካውንቱ የሚገቡት ብቻ ናቸው። «ውብ አንኮበር» ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፣ እዚያ ያምራል።

ሒሳብ ያዧ፦ ስም እንደ ቀላል አይታይ። በሙከራው ወር አንዱ `Guassa`፣ ሌላው `Guasa` ብሎ ጽፎ ነበር። የጓሳን ወጪ ለማየት `Guassa` ብዬ ሳጣራ ሁለተኛው ካምፔይን ሳይወጣ ቀረ። ከባንክ ከወጣው ጋር አልገጥም ብሎኝ ሁለት ቀን ፈጀሁ። የተስማማንበት አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። ወርና የብር መጠን ደግሞ ስም ውስጥ አይግባ፣ ይቀየራልና።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። በቀን 2 ዶላር ብለን አንዳንድ ቀን 4 ለምን ይወጣል?

አስጎብኚዋ፦ ፈላጊ በበዛበት ቀን እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። በወሩ ግን ከቀን በጀቱ 30.4 እጥፍ አያልፍም። ለአልጋው 60.8 ዶላር ማለት ነው። አንቺ ወሩን ብቻ ተመልከቺ።

ጸሐፊው፦ በሙከራው ወር «ደብረ ብርሃን» የሚለው ቃል ብዙ ክሊክ አምጥቶ አልጋ የያዘ ግን አልነበረም።

አስጎብኚዋ፦ የተፈለገባቸውን ቃላት ዝርዝር ከፍቼ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲውንና ሥራ የሚፈልጉ ናቸው። `university`፣ `job`፣ `jobs`፣ `vacancy` የሚሉትን በአልጋው ካምፔይን ላይ እናግዳለን። ነጠላውን ብቻ ብታግድ ብዙው ያልፋል፣ ስለዚህ ሁለቱም ይጻፉ። ሌላው የቦታ ምርጫው ነው። እንደመጣ ከተዉት አዲስ አበባ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ስለ አዲስ አበባ የሚፈልጉትንም ይጨምራል። ለአልጋው «እዚያ ያሉ ብቻ» የሚለው ይመረጥ።

ሸማኔው፦ የድሮውስ? ማስታወቂያዬ አንድ ዓመት ሙሉ ሠርቷል። አድ ግሩፑን አንስተን ወደ አዲሱ ካምፔይን እናዛውረዋለን?

አስጎብኚዋ፦ መገልበጥ እንችላለን፣ ታሪኩ ግን አሮጌው ጋ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌውን አናጥፋው፣ ቆሞ ይቀመጥ። ስሙን ብቻ መቀየር ግን ምንም አያበላሽም።

ማረፊያ ያላት፦ እሺ፣ ሦስት ካምፔይን ተስማምቻለሁ። አንኮበር ግን ማረፊያ ያለን ሦስት ነን። `Rooms_Ankober` ሲነካ የሚከፈተው የማን ገጽ ነው?

ሒሳብ ያዧ፦ በየወሩ ብንፈራረቅስ?

ማረፊያ ያላት፦ የገና ወርና የክረምት ወር እኩል ነው እንዴ? የሦስታችንም ስልክ ያለበት አንድ ገጽ ይሠራልን።

ሸማኔው፦ ገጹን ማን ይከፍላል?

ጸሐፊው፦ የስሙን አሠራርና ሦስቱን ካምፔይኖች በረቂቁ አስገብቻለሁ። የአንኮበር ገጽ ለእሑድ በአጀንዳ ተይዟል። ዋጋ የጠየቀ ይዞ ይምጣ።

ሸማኔው፦ በርኖስ ለውጭ አገር ሰውም ይታይልኝ ያልኩትስ የት ገባ?

አስጎብኚዋ፦ መላኪያው ስንት እንደሚያስወጣ ይንገሩኝና `SRCH_Bernos_Intl` ብዬ እከፍትልዎታለሁ። ያኔ ግን ከጓሳው 3 ዶላር ላይ ነው የምንቀንሰው፣ እኔም ዝም አልልም።