ለቴሲስ ፕሪንትና ጥራዝ ስንት ብር ልያዝ?

ጠያቂ፦ አፈርና ውሃ
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ቴሲሴ 118 ገጽ ነው። 14ቱ ገጾች ከለር ካርታና ግራፍ አላቸው። ለዲፌንስ 4 ስፓይራል፣ ከዲፌንስ በኋላ 5 ሀርድ ከቨር ማስገባት አለብኝ። አንድ ቤት ለጥቁር ገጽ 4 ብር፣ ለከለር 25፣ ለስፓይራል 60፣ ለሀርድ ከቨር 400 ብሎኛል። በጠቅላላ ስንት ልያዝ? እርማት ቢመጣስ?

ቆጣቢው
እህቴ፣ አንዱን ብቻ ፕሪንት አስደርጊና ሌላውን ፎቶ ኮፒ አስነሺ። ኮፒ በ2 ብር ይገኛል። ደግሞ በፊትና በጀርባ ካስወጣሽው ወጪሽ በግማሽ ይወርዳል።

የ4 ኪሎ ጠራዥ
የፎቶ ኮፒው ሐሳብ ለዲፌንሱ ቅጂ ይሠራል። 104ቱን ጥቁር ገጽ አንዴ ፕሪንት አድርጋ ሦስቱን ቅጂ በ2 ብር ብታስነሳ 624 ብር ይቀርላታል። የካርታው ገጽ ግን ኮፒ አይደረግም፤ ቀለሙ ጠፍቶ የመሬት አጠቃቀሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። የፊትና የጀርባው ነገር ላይ አልስማማም። አብዛኛው ቤት የሚያስከፍለው በገጽ እንጂ በወረቀት ቅጠል አይደለም፤ የሚተርፈው የወረቀቱ ዋጋ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ቅጂ በአንድ በኩል ብቻ የሚፈልግ ትምህርት ክፍልም ብዙ ነው።

ኮፒ ሳይገባበት ሁሉንም ፕሪንት ካስደረግሽው ሒሳቡ ይኸውልሽ። የአንድ ቅጂ ጥቁር ገጽ 416፣ ከለሩ 350፣ በድምሩ 766 ብር። ከስፓይራል ጋር 826 ይሆናል፤ አራቱ 3,304። ከሀርድ ከቨር ጋር 1,166፤ አምስቱ 5,830። ጠቅላላው 9,134 ብር ነው።

ከዚህ በፊት ግን ከለር ገጾችሽን እንደገና ቁጠሪ። ማሽኑ ገጹ ላይ ሰማያዊ ሊንክ ካየ እንደ ከለር ገጽ ይቆጥረዋል። የማጣቀሻ ገጾች ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ በየገጹ 21 ብር ይጨምርብሻል። ወርድ ላይ ሙሉውን መርጠሽ Ctrl+Shift+F9 ስትጫኚ ሊንኩ ይጠፋል፤ ሰማያዊ ቀለሙ ከቀረ ወደ ጥቁር ቀይሪው፤ ማውጫውና የሥዕል ቁጥሩም ግን ከዚያ በኋላ ራሱን አያድስም። ስለዚህ በሌላ ስም ባስቀመጥሽው ፋይል ላይ አድርጊው።

ለቤቱ ከለር ገጾቹን ስትነግሪም በፒዲኤፉ ቁጥር ንገሪ። መግቢያዎቹ በሮማን ቁጥር 12 ገጽ ከሆኑ፣ ወረቀቱ ላይ 45 የተባለው ካርታ ፒዲኤፉ ላይ 57ኛ ነው። እዚህ ላይ ከተሳሳተ ካርታው በጥቁር፣ ጽሑፉ በከለር ይወጣል።

የጎንደሯ
እኛ ለዲግሪ በቡድን ሆነን አንድ ስፓይራል ብቻ ነው ያስገባነው፤ ብዙም አላስወጣንም። ሀርድ ከቨር ግዴታ ነው እንዴ?

ቆጣቢው
ለማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃል። ታዲያ ዋጋ እንዳይጨምር ዘጠኙንም አሁኑኑ አሳትማ ብታስጠርዝስ?

የ4 ኪሎ ጠራዥ
በፍጹም! ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ስፓይራል ተፈትቶ ቅጠል ይቀየርለታል፤ ሀርድ ከቨር ግን ተሰፍቶ ወይም በሙጫ ተጣብቆ ስለሚያልቅ አንድ ገጽ ልቀይር ስትል ሽፋኑም ይበላሻል። ፈታኞቹ እርማቱን አይተው እስኪፈርሙ ድረስ ሀርድ ከቨሩን አትንኪው።

እርማቱ 8 ገጽ ጨመረ እንበል። ለአምስቱ ቅጂ 160 ብር ነው፤ ቀላል። ፈታኙ እንዲያየው አንድ ያልተጠረዘ በጥቁር ብቻ አውጪ፤ 126 ገጽ በ4 ብር 504 ነው። ጠቅላላው 9,798 ስለሚሆን ከ10 ሺህ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ያዢ።

ከዚያ አምስቱ ሲታተሙ ከመጠረዛቸው በፊት ቅጠል በቅጠል አገላብጪ። በገጹ ውስጥ የሚያልቅ ስህተት ከሆነ አንዱን ቅጠል መቀየር ይበቃል። አንድ አንቀጽ ከተጨመረ ግን ተከታዩ ሁሉ ይገፋል። የምዕራፉ መጨረሻ ገጽ ላይ ባዶ ቦታ ካለ ግፊቱ እዚያ ይቆማል፤ ከሌለ እስከ መጨረሻው የገጽ ቁጥሩ፣ ማውጫውም ጭምር ይለወጣል።

ጠያቂ፦ አፈርና ውሃ
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሳየው ስድስት የማጣቀሻ ገጾች ላይ ሰማያዊ ሊንክ አለ። በዘጠኙ ቅጂ ስሠራው 1,134 ብር ነበር የሚጨምርብኝ። የፊርማው ገጽስ? በአምስቱም ላይ በእጅ መፈረም አለበት ወይስ ስካን ይበቃል?

የጎንደሯ
ጓደኛዬ ማስተርሷን ስትጨርስ ስካኑን ተቀብለዋታል።

የ4 ኪሎ ጠራዥ
እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ አምስቱንም በእጅ አስፈርመው ነው የሚያመጡት። ስካን ይዞ መጥቶ የተመለሰም አይቻለሁ።

ጠያቂ፦ አፈርና ውሃ
እንግዲያው ሰኞ ትምህርት ክፍሉን እጠይቃለሁ። የውጭ ፈታኙ ከሌላ ከተማ ስለሚመጡ፣ በእጅ ይሁን ከተባልኩ የፊርማውን ገጽ ለየብቻ በአምስት ቅጠል አውጥቼ የዲፌንሱ ቀን ይዤ እገባለሁ።

የ4 ኪሎ ጠራዥ
ደግ ሐሳብ ነው። ርዕሱ ላይ ግን እርማት ከመጣ ገጹ እንደገና መፈረሙ አይቀርም። አማካሪሽን ርዕሱ ላይ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው።