እማዬ ኖድል በልታ ስኳሯ 264 ገባ፤ ፓኬቱ ግን 26 ግራም ነው የሚለው

የእማዬ ልጅ (ሜሪላንድ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እማዬ ስኳር አለባት። ስትበላ ፈጣኑን ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ሐኪሟ ለ10 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት ብሏታል። ዛሬ ኖድል በላች። ፓኬቱ 26 ግራም ስለሚል 3 ዩኒት ወጋኋት። ሁለት ሰዓት ቆይቼ ስለካት 264! የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? የጎደለውን አሁን ልጨምርላት?

ዳላስ 7፦ እህቴ፣ ለስኳር ሕመምተኛ ኖድል ምን ይሠራል? የሚነበበውን ፓኬት ትተሽ ሽሮ ሥሪላቸው።

ቢኒ፦ ካርቦሃይድሬቱን ተዪውና ታች «ቶታል ሹገርስ» የሚለውን እዪ። ኖድል ላይ 1 ግራም ቢሆን ነው። 1 ግራም ስኳር እዚህ አያደርስም። ጣታቸው ላይ ጣፋጭ ነገር ነክቶ ይሆናል፤ እጃቸውን አስታጥበሽ ድገሚው።

ሲስተር ኤች፦ እጅ ታጥቦ መድገሙ ልክ ነው፤ አሁኑኑ አድርጊው። ስኳሩን ብቻ እዪ የሚለው ግን ያሳስታል ቢኒ። ኖድል ነጭ ዱቄት ነው፤ ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። የሚቆጠረው ቶታል ካርቦሃይድሬት ነው። የእኔ እህት፣ ከካሎሪው በላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች አንብቢልኝ።

የእማዬ ልጅ፦ ታጥባ 258 ሆነ። መስመሩ «2 ሰርቪንግስ ፐር ኮንቴይነር» ይላል። ከሥሩ «ሰርቪንግ ሳይዝ ግማሽ ብሎክ፣ 43 ግራም»። ግማሽ ብሎክ ማን ይበላል?!

ሲስተር ኤች፦ እሱ ነው። 26ቱ የግማሹ ነው። ሙሉውን ከበሉ 52 ግራም ነው፤ በሐኪማቸው ስሌት 5 ዩኒት ገደማ ይሆን ነበር።

አሁን ግን ሁለቱን ዩኒት በራስሽ አትጨምሪ። የቅድሙ ኢንሱሊን ገና እየሠራ ነው፤ ሥራው አራት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሁለተኛ መርፌ ሲደረብበት ሌሊት ተኝተው ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ስኳር ከፍ ሲል ስንት እንደሚጨመር ሐኪማቸው የጻፈው ወረቀት ካለ፣ ከመጨረሻው መርፌ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለበት እዩበት። ከሌለ ክሊኒኩ ጋ ደውዪ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭም ተረኛ ያገናኙሻል። ካስመለሳቸው ወይም ግራ ከተጋቡ ግን ስልክ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

የአቢ እናት፦ እኔም በሾርባ ተሸውጃለሁ። ባለቤቴ ግፊት አለበት። ቆርቆሮው ሶዲየም 890 ሚሊግራም ስለሚል ደህና ነው ብዬ ሙሉውን አሞቅሁለት። ለካ 2.5 ሰርቪንግ ነው! የቀኑ ወሰን 2,300 ነው፤ እሱ በአንድ ሳህን 2,200 አልፏል። ኖድሉ ላይም ጨውን እዪ።

ቢኒ፦ ሚዛን ካለሽ ሳህኑን መዝኚና ለ43 አካፍዪው። ግምት የለም።

ሲስተር ኤች፦ መመዘኑ ጥሩ ነው፤ ግን 43ቱ የደረቁ ክብደት ነው። የተቀቀለው ውኃ ጠጥቷል። እሱን ለ43 ካካፈልሽ የበሉት ከልኩ በላይ ይመጣና ኢንሱሊኑ ይበዛል። ሳይቀቀል መዝኚው።

ፍራንክፈርት፦ እዚህ አብዛኛው ፓኬት ላይ በ100 ግራም ስንት እንደሆነ መጻፍ ግዴታ ነው። የበላሁትን እመዝናለሁ፣ በዚያ አበዛለሁ፣ ለ100 አካፍላለሁ፣ አለቀ። የአሜሪካው ለምን እንዲህ እንደሚያደክም አይገባኝም።

ዳላስ 7፦ አሁንም ሽሮ እላለሁ።

ሲስተር ኤች፦ ወንድሜ፣ ሽሮውም የሚበላው በእንጀራ ነው፤ እንጀራም ይቆጠራል። ለዚያውም መሶብ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

የእማዬ ልጅ፦ ደውዬ መልሰው እንደውልልሽ ብለውኛል። ግን ሁለት ነገር ረስቼ ነበር። እማዬ ሙሉውን አልጨረሰችም፤ ሩቡን ትታዋለች። ደግሞ ድፎ ዳቦ ሾርባው ውስጥ እየነከረች በልታለች። ቤት የተጋገረ ነው፣ ፓኬት የለውም።

ሲስተር ኤች፦ አየሽ፣ ሩቡ ከቀረ ኖድሉ 39 ግራም ነው፤ 4 ዩኒት። በአንድ ዩኒት ብቻ ነው ያነሰው። የቀረውን ያመጣው ዳቦው ሳይሆን አይቀርም። ምን ያህል ቁራጭ ነበር? መዳፍሽን ያክላል ወይስ ይበልጣል? ሲደውሉልሽ ዳቦውን ሳትነግሪያቸው እንዳትዘጊ። የወጋሽበትን ሰዓትም ጻፊው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

የእማዬ ልጅ፦ ከመዳፌ ይበልጣል። ስልኩ ጠራ፣ እነሱ ናቸው።

የአቢ እናት፦ እህቴ፣ ምን አሉሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው?