የእናቴ የግፊት መድኃኒት አልሠራ ብሎ ነው ወይስ ሌላ ነገር እያዳከመው?

ጥያቄ፦ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት በየጠዋቱ ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራምና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ ግፊቷም ለረጅም ጊዜ 130 በ80 አካባቢ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ 165 በ95 ደርሷል፣ ቁርጭምጭሚቷም ያብጣል። መድኃኒቷን አላቋረጠችም። አዲስ ነገር ቢኖር ለጉልበቷ ሕመም ከፋርማሲ የገዛችው ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ የጉንፋን ክኒን፣ እንዲሁም ከገበያ የተገዛ «የመገጣጠሚያ ዱቄት» ነው። ኢናላፕሪሉ ወደ 20 ከፍ እንዲል ታዞላታል። ከመጀመሯ በፊት ምን ብንጠይቅ ይሻላል?

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከዚራ

ያዘዘው ባለሙያ ስለ ዲክሎፌናኩ ተነግሮት ነበር? ካልተነገረው ከፍ ያለውን ቁጥር አይቶ መጠን መጨመሩ አያስገርምም።

ኩላሊት በቂ ደም እንዲደርሰውና ትርፍ ጨውን ከውኃ ጋር እንዲያስወጣ የሚረዱ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርታቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። ዲክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሰው እነዚህኑ በማገድ ስለሆነ ጉልበት ሲሻለው ኩላሊት ጨው ማስቀረት ይጀምራል፤ እግር ያብጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የሚያሸናው ክኒንና የኢናላፕሪልም ኃይል ይደክማል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው፤ ዲክሎፌናክን በክኒን ፈንታ በመርፌ መውሰድም ከዚህ አያድንም።

ከግፊቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሦስቱ መድኃኒቶች መገናኘት ነው። የሚያሸናው ክኒን በሰውነት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባውን የደም ሥር ያጠብባል፣ ኢናላፕሪል ደግሞ ከማጣሪያው የሚወጣውን ያሰፋል፤ በዚህም ደሙን የሚያጣራው ግፊት ይወድቃል። በእኛ ከተማ ሙቀት ብዙ ላብ የወጣው ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው በዚህ ሁኔታ ኩላሊቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ኢናላፕሪሉ ከመጨመሩ በፊት የክሬቲኒንና የፖታሲየም ምርመራ እንዲደረግላቸው ጠይቁ፤ ሽንታቸው ከቀነሰ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ዲክሎፌናኩ ይቁም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ሁለት ክኒን፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ ይሞከር፤ ጉልበት ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄልም ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሚዋጠው የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ፣ ከመለካታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና ሳይጠጡ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ መዝግቡና መዝገቡን ይዛችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ዲክሎፌናክ ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው ጥቂት ነጥብ ነው፤ 35 ነጥብ ለእርሱ ብቻ ይበዛል።

ከሐረር፣ ጀጎል

ጥፋቱ የማስታገሻው መሆኑን እኔም እስማማለሁ፤ የግፊት ሕመምተኛ ማንኛውንም ማስታገሻ፣ አስፕሪንንም ጨምሮ፣ መንካት የለበትም። ፓራሲታሞል ግን ምንም ጉዳት ስለሌለው፣ በውኃ የሚሟሟው ዓይነት ቶሎ ስለሚሠራም፣ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር እርሱን ይጠጡ። ነጭ ሽንኩርት በማርም ግፊት ያወርዳል፤ ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር አይጎዳም።

ከገንደ ቆሬ

እኔ አምሎዲፒን እየወሰድኩ ለወገቤ ዲክሎፌናክ ስውጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ግፊቴ ንቅንቅ አላለም። እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ስቀመጥ ብቻ ልቤ ይመታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ግፊቴን አልለካም። ስለዚህ እናትሽ ወደ አምሎዲፒን ቢቀየሩ ነገሩ ያልቃል ባይ ነኝ።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከዚራ

የገንደ ቆሬው ወንድማችን የተናገረው ከፊሉ ትክክል ነው፤ አምሎዲፒን ከኢናላፕሪል ይልቅ የእነዚህን ማስታገሻዎች ጫና ይቋቋማል። ይሁን እንጂ አምሎዲፒን ራሱ እግር ስለሚያሳብጥ የእርስዎ እብጠት ከየትኛው እንደመጣ በዓይን አይለይም፤ ኩላሊትዎም ከዲክሎፌናኩ አልተጠበቀም። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ ልብዎ በሚመታበት ሰዓት ካልለኩ ንቅንቅ አላለም ማለት አይቻልም።

ለሐረሩ ወንድማችን፦ ለልብ ሕመም ወይም ለስትሮክ በሐኪም የታዘዘ 81 ሚሊግራም አስፕሪን ይህን አንብቦ የሚቋረጥ አይደለም። ጨጓራ ሊያደማ ቢችልም በዚያ መጠን ግፊት ከፍ አያደርግም። በውኃ የሚሟሟው ፓራሲታሞል ግን እንዲፈላ የሚያደርገው ሶዲየም ነው፤ አንዱ ክኒን እስከ 400 ሚሊግራም ሊይዝ ስለሚችል በቀን ስድስት የወሰደ ሰው ብዙ ጨው የበላ ያህል ነው። ተራው ክኒንም ቢሆን በቀን 4 ግራም በየቀኑ ሲወሰድ ግፊትን ጥቂት እንደሚጨምር በ2022 የታተመ የኤዲንብራ ጥናት አሳይቷል፤ በትንሹ መጠን፣ በሚያስፈልግበት ቀን ብቻ የምለው ለዚህ ነው።

ነርስ፣ ሐረር

የቀሩት ሁለቱ ጠፍተዋል። የጉንፋን ክኒኑን ማሸጊያ አዙረው ያንብቡ። ሹዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን የሚል ካለበት፣ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተው የደም ሥር በማጥበብ ስለሆነ ለግፊት ሕመምተኛ አይሆንም፤ ክሎርፌኒራሚንና ፓራሲታሞል ብቻ ከሆነ ግን ያንቀላፋቸዋል እንጂ ግፊቱን አይጨምርም። ለአፍንጫው የጨው ውኃ ጠብታ ይበቃል።

ዱቄቱን ግን ከሁሉም በላይ እጠረጥራለሁ። ለመገጣጠሚያ ሕመም «ባህላዊ» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ውስጥ የተፈጨ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን፣ አንዳንዴም ራሱ ዲክሎፌናክ ይገኛል፤ በዓለም ዙሪያ ተደጋግሞ የተደረሰበት ነው። ጥርጣሬ የሚያሳድረው ሕመሙ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ድንገት ከጠፋ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ከጨመረ፣ ፊታቸው ከከበበ ወይም ስኳራቸው ከወጣ ነው። ስኳራቸውንም አስለኩ።

ጠያቂዋ፣ ከሳቢያን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲክሎፌናኩ ቆሟል፤ የጉንፋኑ ክኒን ላይ ፌኒሌፍሪን የሚል ስላገኘን ያንንም ትተናል። የሳምንቱ አማካይ 148 በ88 ሆኗል፣ እብጠቱም ቀንሷል። ክሬቲኒኗ 1.3 ቢሆንም የምናወዳድርበት የቀድሞ ውጤት ስለሌለ ሐኪሙ ኢናላፕሪሉን ባለበት አቆይቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምርመራው እንዲደገም አዟል። ዱቄቱን ግን እናቴ «የሚያስኬደኝ እርሱ ነው» ብላ አልለቅም አለች፤ ከጀመረች አንድ ወር አልፏታል። ፊቷ የሞላ ይመስለኛል፣ ስኳሯ ገና አልተለካም። ደብቄ ልጣለው?

ነርስ፣ ሐረር

አይጣሉት። ውስጡ ያለው እንደጠረጠርነው ከሆነ ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን በበቂ መጠን ማምረት ስለማይችል ከባድ ድካም፣ ማስመለስና ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። ዱቄቱን ከነመያዣው ለሐኪሙ ያሳዩት፣ በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚወስዱም ይንገሩት፤ ቀስ በቀስ ይቀነስ ወይም በሌላ ይተካ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከዚራ

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዱቄቱ ውስጥ ዲክሎፌናክም ካለ በቀጠሉበት ቀን ሁሉ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ስለዚህ ለሐኪሙ ማሳየቱ የሁለት ሳምንቱን ምርመራ ባይጠብቅ ጥሩ ነው።