ጥቆማ፦ ከሦስቱ ፓወር ባንኮች የቱ ያዋጣል? (ደብረ ብርሃን ድረስ)

የባሶ ልጅ፦ እንዴት ናችሁ? መብራት ሲጠፋ ስልክ ለመሙላት ነው። ከሦስት የቴሌግራም ሱቆች ስክሪንሾት አንስቼ ከላይ ለጥፌዋለሁ። አንደኛው 10,000 ሚሊአምፒር፣ 1,450 ብር፣ "ዴሊቨሪ ነፃ"። ሁለተኛው 20,000፣ 2,350 ብር፣ ማድረሻ 200። ሦስተኛው 50,000፣ 1,300 ብር፣ ማድረሻ 200። የቱን ልውሰድ?

አንኮበሬው፦ ሦስተኛውን ነዋ! ስልክህ 5,000 ከሆነ አስር ጊዜ ይሞላልሃል።

ጣርማበር፦ አይሞላም ወንድሜ። ስክሪንሾቱን አስፋውና ታች እይ፤ ክብደቱ 190 ግራም ይላል። አንዷ ክብ የሊቲየም ባትሪ 45 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ የምትይዘውም ቢበዛ 3,500 ነው። ለ50,000 አስራ አምስት ያስፈልጋል፤ ባትሪው ብቻ ከ600 ግራም ያልፋል። 190 ግራም ውስጥ ቢበዛ አራት ነው የሚገባው።

የሁለተኛው የጀርባ ፎቶ ላይ 74Wh፣ ከሥሩ ደግሞ Rated Capacity 12000mAh ተጽፏል። እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው። 20,000 የሚባለው ውስጥ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው፤ ወደ ስልክ በ5 ቮልት ሲወጣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ በሙቀት የሚባክንም አለ። የ5,000 ስልክ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ጊዜ ይሞላል ብለህ ያዝ።

ሸዋሮቢቷ፦ ቀድማችሁ በቴሌብር እንዳትከፍሉ! ለእኔ ፎቶው ላይ ያለው ሌላ፣ የመጣው ሌላ። መመለሻውን ራስሽ ቻይ አሉኝ።

አንኮበሬው፦ የትኛው ሱቅ ነው?

ሸዋሮቢቷ፦ ስሙን ቀይሯል፣ ምን ይሠራልሃል።

እማማ ቤት፦ እኔ ከደንበኛዬ ሱቅ ውጪ አልገዛም። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሰውዬው አያታልልም።

ጣርማበር፦ የሱ ስንት Wh ይላል?

እማማ ቤት፦ አላየሁትም። ግን አያታልልም አልኩህ።

አንኮበሬው፦ በቃ ሰውዬውን በኬብል እንሰካዋ።

ጣርማበር፦ ተዋቸው፣ አጠገብ ሱቅ መኖሩ ለመመለስ ይጠቅማል። ወደ ጥያቄው፦ "ነፃ" ከሚለው ሥር በደቃቁ "አዲስ አበባ ውስጥ" ይላል። ላንተ ከላምበረት መናኸሪያ በመኪና ነው የሚላክልህ። መናኸሪያ ድረስ የሚወስደውንና የመኪናውን ማን እንደሚከፍል ለየብቻ ጠይቅ። ለሱም 200 ብንል አንደኛው 1,650 ይሆናል፤ 10,000 ማለት 37Wh ነው፣ አንዱ Wh 45 ብር ገደማ ይወጣል። ሁለተኛው 2,550 ለ74፣ ወደ 34 ብር ተኩል። ስክሪንሾትህ ግን የቆየ ከሆነ ዋጋውን መጀመሪያ አረጋግጥ።

ደነባ፦ ዋይፋይ ያስነሳል?

ጣርማበር፦ የራውተሩን ጀርባ እይው። 12V 1A ካለ 12 ዋት ይፈልጋል፤ 5V 2A የሚያወጣ ፓወር ባንክ 10 ዋት ብቻ ነው፣ አይችለውም። ከፍ ያለ የሚያወጣ ከሆነ ቮልት አሳዳጊ ኬብል ግዢ።

ደነባ፦ የኔ 9V 0.6A ነው የሚለው። ኬብሉ ያው ነው?

ጣርማበር፦ አይደለም፣ የ9 ቮልቱን ጠይቂ። የ12ቱን ሰክተሽ እንዳታቃጥዪው።