የሦስት ወንድማማቾች ፊት በአንድ ምስል ላይ እየተቀላቀለብኝ ተቸግሬያለሁ

በተለያየ አገር የምንኖር ሦስት ወንድማማቾችን ለእናታችን በአንድ ፎቶ ላይ ለማሰባሰብ ምስል በሚፈጥረው የ AI ሞዴል በ SDXL እና የፊት ፎቶን እንደ መነሻ በሚሰጠው በ IP-Adapter እየሠራሁ ሳለ፣ ለእያንዳንዳችን የተለየ የፊት ፎቶና ፎቶው የሚሠራበትን ቦታ የሚወስን የተለየ ማስክ ብሰጥም፣ የታላቄ ጺም በታናሼ አገጭ ላይ እየወጣ አስቸግሮኛል። ማስኩ የሚገድበው ከፊት ፎቶው የሚመጣውን መረጃ ብቻ በመሆኑ፣ የምስሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው መልክ የሚዋዋሱ ይመስለኛል፤ ትከሻ ለትከሻ ስንቆም ይብሳል፣ ስንራራቅ ይቀንሳል፤ ያኔ ግን ወንድማማቾች ሳይሆን የታክሲ ተሰላፊዎች እንመስላለን። የ IP-Adapter ክብደቱን ከ0.8 ወደ 0.5 ሳወርደው ጺሙ ጠፋ፣ እኛም አብረን ጠፋን።

አሁን መጀመሪያ አቋቋማችንን ብቻ አሠርቼ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፊት ቆርጬና አጉልቼ በራሱ ፎቶ ብቻ በ inpaint መሥራት ጀምሬያለሁ። ሆኖም denoise 0.4 ላይ የቀድሞው ፊት አይለቅም፣ 0.8 ላይ ደግሞ ፊቱ ከአንገቱ ቀለም ይለያል። በዚህ መንገድ የሠራችሁ፣ ማስኩን እስከ አንገት ነው የምታወርዱት ወይስ ቀለሙን በኋላ ታስተካክላላችሁ?